ከኦፕሬሽን በፊት ለእናት የሚነበብ ወረቀት

(በማዋለጃ ክፍል ለሚሠሩ አዋላጆች፣ ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች ካቀረብኩት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የማወራችሁ እናት በኦፕሬሽን ከመውለዷ በፊት ስለሚፈረም አንድ ወረቀት ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከላይ የእናትየዋ ስምና የካርድ ቁጥር ይጻፍበታል። ቀጥሎ "የሚደረግልኝ ቀዶ ሕክምና ተብራርቶልኝ ተስማምቻለሁ" ይላል። ከታች የፊርማ ቦታ አለ። ብዙ ጊዜ የሚፈርመው ባል ነው። እሱ ከሌለ ወንድም ይፈለጋል፣ ወንድም ከሌለ አክስት ትጠራለች። ሆዷ የሚከፈተው ሴት ውስጥ ተኝታ ወረቀቱ ኮሪደር ላይ ይፈረማል።

ስለ ፊርማው እመለስበታለሁ። መጀመሪያ የሚያሳስበኝ ወረቀቱ ላይ ማብራሪያው ራሱ አለመኖሩ ነው። "ተብራርቶልኝ" ይላል፣ ምን እንደተብራራ ግን አይልም። ማብራሪያው በተረኛው ሐኪም አፍ ላይ ነው ያለው። ተረኛው ደክሞት ከሆነ ሁለት ቃል ይሆናል። ጊዜ ካለው ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ማብራሪያው ራሱ የተጻፈበት፣ ፊደል ላልቆጠረች እናት እንኳ በአሥር ደቂቃ ጮክ ተብሎ ሊነበብ የሚችል ወረቀት እንድናዘጋጅ ነው።

ወረቀቱ ላይ ምን ይግባ? እኛ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ "አስፈላጊ ነው ብለን የምናስበውን እንነግራታለን" ስንል ቆይተናል። በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በናዲን ሞንትጎመሪ ጉዳይ ላይ ይህን አስተሳሰብ ለወጠው። ሴትየዋ የስኳር በሽታ ነበረባት፣ ቁመቷም አጭር ነበር። የስኳር ሕመም ያለባቸው እናቶች ልጅ ስለሚገዝፍ ትከሻው ምጥ ላይ ሊያዝ ይችላል። በእሷ ሁኔታ ይህ የመሆኑ ዕድል ከ100 ከ9 እስከ 10 ነበር። ሐኪሟ ግን አልነገረቻትም። ብነግራት ኦፕሬሽን ትመርጣለች ብላ ነው ያልነገረቻት። የልጁ ትከሻ ተያዘ፣ ልጁም ለዕድሜ ልክ ተጎዳ። ፍርድ ቤቱ የጠየቀው ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ምን ይናገራሉ የሚለውን አልነበረም። በዚህች ሴት ቦታ ያለች ሰው ምን ማወቅ ትፈልጋለች ብሎ ነው የጠየቀው። የእኔም ወረቀት የሚነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ምሳሌው ክትትል ላይ ከምናያቸው ከብዙ እናቶች የተሰበሰበ እንጂ የአንዲት ሰው ታሪክ አይደለም። እናትየዋ 28 ዓመቷ ነው። ከሆስፒታሉ በመኪና ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ገጠር ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን ከሦስት ዓመት በፊት የወለደችው በኦፕሬሽን ነው። ምክንያቱም ምጥ ላይ እያለች የልጁ የልብ ምት መቀነሱ ነበር። አሁን 36 ሳምንት ሆኗታል። ሕፃኑ በጭንቅላቱ ነው፣ እንግዴ ልጁም ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ሌላ ችግር የለባትም። እሷም ሁላችንም የምንሰማውን ጥያቄ ጠየቀች፦ "አሁንም በኦፕሬሽን ነው?"

ወረቀቱ የሚሰጠው ያኔ ነው፣ ምጥ ከመምጣቱ በፊት። ምጥ የያዛት ሴት ማሰብ አትችልም ማለቴ አይደለም። ያኔ ግን ከባሏ፣ ከእናቷ፣ ከንስሐ አባቷ ጋር ለመነጋገር ጊዜ የላትም። በ36 ሳምንት አላት።

የወረቀቱ መጀመሪያ እንዲህ ይላል፦

"ባለፈው በኦፕሬሽን ስለወለዱ ማህፀንዎ ላይ ጠባሳ አለ። አሁን ሁለት መንገድ አለዎት። አንደኛው ቀን ተቀጥሮ እንደገና በኦፕሬሽን መውለድ ነው። ሁለተኛው ምጡ በራሱ ሲመጣ እዚህ ሆስፒታል ገብተው፣ እኛ እየተከታተልንዎት፣ በምጥ ለመውለድ መሞከር ነው። እንደ እርስዎ አንድ ጊዜ ብቻ በኦፕሬሽን ወልደው ምጥን ከሞከሩ 1000 እናቶች ከ720 እስከ 750 የሚሆኑት በምጥ ይወልዳሉ። የቀሩት ሞክረው ወደ ኦፕሬሽን ይገባሉ። ከ1000ዎቹ ውስጥ 5 ያህሉ ግን ምጥ ላይ እያሉ ጠባሳው ይቀደዳል። ያ ከሆነ ሕፃኑ ሊሞት ይችላል፣ እርስዎም ብዙ ደም ሊፈስዎት ይችላል። ወዲያውኑ ኦፕሬሽን መግባት አለብዎት።"

ሁሉንም ቁጥር ከ1000 አድርጌ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። አንዱን ከ100፣ ሌላውን ከ10,000 ብትሉ የሚሰማችሁ ሰው ማወዳደር አይችልም። ለእናትየዋ ስትነግሯት በክብረ በዓል ቀን የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ የሞሉ 1000 እናቶችን እንድታስብ አድርጉ። ከእነሱ አምስቱ። "በጣም ጥቂት ነው፣ አትፍሪ" አትበሏት። አምስት ለእሷ ጥቂት ይሁን ብዙ የምትፈርደው እሷ ናት።

በምጥ ለመውለድ መሞከር ግን ለሁሉም አይሆንም። ወረቀቱ ይህንንም መናገር አለበት። ባለፈው ማህፀኗ የተቀደደው ታችኛው ክፍል ላይ አግድም ከሆነ መሞከር ትችላለች። ላይኛው ክፍል ላይ ከላይ ወደ ታች ከሆነ ግን ጠባሳው ምጥን አይችልም፣ የመቀደድ ዕድሉ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ይህን ቆዳዋን አይታችሁ ማወቅ አትችሉም። ቆዳው አግድም ተቀድዶ ውስጥ ማህፀኑ ቁልቁል ሊቀደድ ይችላል። የሚነግራችሁ ያለፈው የመውጫ ወረቀት ነው። እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፣ ወይም "ሲ ኤስ ተሠርቶላታል" ከማለት በቀር ሌላ ነገር የለበትም። ስለዚህ ምርጫውን ከማቅረባችሁ በፊት ያለፈው ሆስፒታል ጋ ደውሉ፣ መዝገቡ እንዲታይ ጠይቁ። የሚያሰለች ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የሌለ ምርጫ ማቅረብ ከባድ ጥፋት ነው።

የእኛ እናት ጠባሳ አግድም መሆኑ ተረጋገጠ እንበል። የመጀመሪያው ኦፕሬሽን የተደረገውም ልጁ ስላልተመቸው እንጂ ዳሌዋ ጠቦ አይደለም። ያ ምክንያት የግድ አይደገምም። ስለዚህ ሁለቱም መንገድ ክፍት ነው። መልካም ዜና ነው። ነገር ግን የምትኖረው ሁለት ሰዓት ርቃ ነው። ምጥ ለመሞከር ከፈለገች ከ38 ሳምንት ጀምሮ ሆስፒታሉ አጠገብ ዘመድ ቤት ወይም የእናቶች ማቆያ መቀመጥ አለባት። "ምጥ ሲመጣ ትመጫለሽ" ብላችሁ ከሸኛችኋት ምርጫ ሰጥታችኋት ሳይሆን አደጋውን አሸክማችኋት ነው። ወረቀቱ ላይ "የት ይቆያሉ?" የሚል ባዶ መስመር አስገቡበት። መልሱን አብራችሁ ሙሉት።

ኦፕሬሽኑን ከመረጠች ደግሞ ቀኑ 39 ሳምንት ሲሞላ ነው የሚቀጠረው። ከዚያ በፊት የሚወጣ ሕፃን ለመተንፈስ የመቸገር ዕድሉ ይጨምራል፣ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሚገባውም ይበዛል። እዚህ ላይ የኛ አገር ጣጣ አለ። ብዙ እናቶች የመጨረሻ የወር አበባቸውን የሚያስታውሱት "ከጥምቀት ትንሽ ቀደም ብሎ" እያሉ ነው። መሃል ላይ ጳጉሜን ካለ ደግሞ ስናሰላ እንሳሳታለን። መጀመሪያዎቹ ወራት ላይ የተነሣ አልትራሳውንድ ካላት በእሱ ቁጠሩ። ከሌላት ቀኑ እርግጠኛ እንዳልሆነ ንገሯት። ያንን ማወቅም መብቷ ነው።

አሁን ወደ ራሱ ኦፕሬሽን እንግባ። እናቶችን በጣም የሚያስፈራቸው ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ ስለ ቢላዋው አይናገሩም። የወገብ መርፌውን ነው የሚፈሩት። "ዕድሜ ልክ ወገብ ያሳምማል" ይባላል። "እግር ያሽመደምዳል" የሚሉም አሉ። ሳንጠየቅ ካልነገርናቸው ፍርሃቱን ይዘውት ጠረጴዛው ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ ይህ ክፍል ረዘም ይላል፦

"የሚሰጥዎት ማደንዘዣ በወገብ በኩል በቀጭን መርፌ የሚሰጥ ነው። ተቀምጠው ወይም በጎንዎ ተኝተው ጀርባዎን እንደ ድመት ያጎብጣሉ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እግርዎ ይሞቃል፣ ይከብዳል፣ አይንቀሳቀስም። ይህ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይለቃል። አይተኙም፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ ይሰማሉ። ከመጀመራችን በፊት ቀዝቃዛ ነገር ሆድዎ ላይ አድርገን እንደደነዘዘ እናረጋግጣለን። ኦፕሬሽኑ ላይ መነካትና መጎተት፣ ሆድዎ ላይ መጫን ይሰማዎታል። ሕመም ግን ሊሰማዎት አይገባም። ካመመዎት ይናገሩ። ቆመን ተጨማሪ መድኃኒት እንሰጣለን፣ ወይም ሙሉ በሙሉ እናስተኛዎታለን። የደም ግፊትዎ ሊወርድ፣ ሊያቅለሸልሽዎት፣ ሊያንቀጠቅጥዎት ይችላል። ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ወዲያው እናክማለን። ከኦፕሬሽኑ በኋላ ባሉት ቀናት ሲቀመጡ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀል ከባድ ራስ ምታት አንዳንድ ሴቶችን ይይዛቸዋል። ከያዘዎት ይንገሩን፣ መድኃኒት አለው። መርፌው የገባበት ቦታ ለጥቂት ቀን ሊያምም ይችላል። ለዓመታት የሚቆይ የወገብ ሕመም ያመጣል የሚለው ግን በጥናት አልተረጋገጠም። የወገብ ሕመም በምጥ የወለዱትንም ብዙ ሴቶች ያማል።"

"ካመመዎት ይናገሩ" የሚለውን መስመር እንዳታወጡት እለምናችኋለሁ። የኛ እናቶች መቻልን ተምረው ያደጉ ናቸው። ሳይደነዝዝ የተቀደደች ሴት ጥርሷን ነክሳ ዝም ልትል ትችላለች። እንድትናገር አስቀድማችሁ ፈቃድ መስጠት አለባችሁ።

የቀረውን የዕለቱን ሂደት ባጭሩ መጻፍ ይበቃል። ለምሳሌ ኦፕሬሽኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሆነ ምግብ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ አይበላም፣ ውኃ ግን እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መጠጣት ይቻላል። ከማታ ጀምሮ "ምንም እንዳትቀምሺ" ተብላ፣ ተራዋ ከሰዓት በኋላ የሚደርስ እናት አለች። ያ ጭካኔ ነው፣ ጥቅምም የለውም። ከዚያ ክንድ ላይ ግሉኮስ ይገባል፣ የሽንት ቱቦ ይገባል፣ ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ከመቀደዱ በፊት አንቲባዮቲክ ይሰጣል። ሕፃኑ ከተጀመረ ጥቂት ደቂቃ በኋላ ይወጣል። ያለፈው ጠባሳ ተጣብቆ ከሆነ ትንሽ ይዘገያል። ከጊዜው አብዛኛውን የሚወስደው መስፋቱ ነው፣ ሁሉም አንድ ላይ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይሆናል። ይህን የምንነግራት ጊዜው ሲረዝም "አንድ ነገር ሆኗል" ብላ እንዳትደነግጥ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው። ምን ሊበላሽ ይችላል?

የብሪታንያ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2009 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለእንዲህ ያለ ወረቀት ያወጣቸው ቁጥሮች አሉ። በእነሱ አገር ከ1000 ኦፕሬሽን በ60 ያህሉ እናቲቱን ኢንፌክሽን ይይዛታል። ከ1000 በ7 ወይም 8 ደሙ አልቆም ብሎ ማህፀን ይወጣል። ከ1000 በአንዱ የሽንት ፊኛ ይነካል። የሞት ቁጥሩ ከ12,000 አንድ ያህል ነው። ብዙ ወረቀቶች እነዚህን ቁጥሮች እንዳለ ይገለብጣሉ። እኔ ይህን እቃወማለሁ። በ2019 በ22 የአፍሪካ አገሮች የተደረገ ጥናት ታትሟል። በኦፕሬሽን ከወለዱ 3,684 እናቶች ውስጥ 20ዎቹ ሞተዋል። ይህ ከ1000 ከ5 በላይ ነው። ለሞት ካጋለጡት ነገሮች ዋናዎቹ የደም መፍሰስና የማደንዘዣ ችግር ነበሩ። የለንደን ቁጥር ለእኛ እናት ብናነብላት እውነት አልነገርናትም።

ታዲያ የቱን ቁጥር እንጻፍ? የራሳችሁን ሆስፒታል። የኦፕሬሽን ክፍሉ መዝገብ አላችሁ። ያለፈውን ዓመት ገጽ በገጽ ቁጠሩ፦ ስንት ኦፕሬሽን ተሠራ፣ ስንቷ ለቁስል ተመልሳ መጣች፣ ስንቷ ደም ወሰደች፣ የስንቷ ማህፀን ወጣ፣ ስንቷ ሞተች። ሁለት ኢንተርን በጥቂት ቀን ይጨርሱታል። ቁጥሩ የሚያሳፍር ከሆነ ደግሞ ከእናትየዋ በፊት እኛ ልናውቀው ይገባ ነበር።

"ሞት የሚለውን ቃል ለነፍሰ ጡር ማንበብ ነውር አይደለም ወይ?" የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ሟርት ይመስላል። ግን እናትየዋ ሞትን ከእኛ አይደለም የምትሰማው። በሰፈሯ በኦፕሬሽን የሞተች ሴት ታውቃለች። የምትፈልገው አንድ ሰው በግልጽ እንዲነግራትና ምን እንደተዘጋጀ እንዲያስረዳት ነው። እኔ እንዲህ ነው የጻፍኩት፦ "በኦፕሬሽን ምክንያት እናት ልትሞት ትችላለች። ብዙ ጊዜ የሚሆን ነገር አይደለም። ዋናው ምክንያት ደም መፍሰስ ነው። ስለዚህ የደም ዓይነትዎን አስቀድመን እናያለን፣ ደም እናዘጋጃለን። ደም ለመውሰድ ይስማማሉ? ደሙ በምንም መንገድ አልቆም ካለ ሕይወትዎን ለማትረፍ ማህፀንዎን ልናወጣ እንችላለን።" አደጋውን ባነሣችሁበት ቦታ ዝግጅቱን ከጎኑ አስቀምጡት።

ደም መውሰድ ለብቻው "እስማማለሁ፣ አልስማማም" ይኑረው። በእምነቷ ደም የማትወስድ እናት ካለች ያን ማወቅ ያለባችሁ ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን በ36 ሳምንት ነው።

አሁን ብዙ ወረቀቶች ጨርሶ ወደማይነኩት ጉዳይ ልምጣ። የሚቀጥሉት ልጆች። "ስንት ልጅ መውለድ ያስባሉ?" የሚለው ጥያቄ የስምምነቱ አካል ነው። የእኛ እናት አራት ብላለች። አሁን ኦፕሬሽን ከመረጠች ሁለተኛዋ ይሆናል። ሁለት ጊዜ በኦፕሬሽን የወለደችን ሴት በአብዛኛው ሆስፒታላችን ምጥ እንድትሞክር አይፈቅድላትም። ስለዚህ ሦስተኛውና አራተኛውም ልጅ በኦፕሬሽን ነው የሚመጣው። በየኦፕሬሽኑ ደግሞ አንጀትና ፊኛ ከጠባሳው ጋር እየተጣበቁ ይሄዳሉ። ከሁሉ የሚያስፈራው የእንግዴ ልጁ ነው። በሚቀጥለው እርግዝና እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ ጠባሳው ላይ ሊያርፍና ማህፀኑን ሰርስሮ ሊገባ ይችላል። ያኔ አልላቀቅም ይላል። ስንጎትተው ደሙ ይጎርፋል። እንግዴ ልጃቸው የማህፀኑን በር ከሸፈነ እናቶች ውስጥ እንዲህ የሚገጥማቸው በሁለተኛ ኦፕሬሽን ከ100 ወደ 11 ናቸው። በሦስተኛው 40፣ በአራተኛው ወደ 61 ይደርሳሉ። እንግዴ ልጁ በሩን የሚሸፍንባቸው እናቶች ጥቂት ናቸው። ከተከሰተ ግን ብዙውን ጊዜ ማህፀኑ መውጣት አለበት።

አንድ ልጅ ብቻ መጨመር ለምትፈልግ ሴት ይህ ቀላል ስጋት ነው። አራት ለምትፈልግ ደግሞ የዛሬ ውሳኔዋን ሊገለብጠው ይችላል። ለዚህ ነው ሁለቱ ሴቶች አንድ ዓይነት ወረቀት ቢነበብላቸውም አንድ ዓይነት ውይይት ሊደረግላቸው የማይገባው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ቱቦ የማስቋጠር ጉዳይ አለ። አንዳንዴ ሆዷ ተከፍቶ እያለ "ልጅ ይበቃሻል አይደል? ቱቦሽን እንቋጥረው?" ተብላ የምትጠየቅ እናት አለች። ይህን አታድርጉ። ፈርታ፣ ደንዝዛ፣ ሐኪሙን እንዳላስቀይም ብላ "እሺ" ልትል ትችላለች። መቋጠሩ ደግሞ ለዘለቄታው ነው። ለብቻው በተዘጋጀ ወረቀት፣ በክትትል ጊዜ፣ ሌሎቹ መከላከያዎች አብረው ተነግረዋት ይወሰን። በክትትል ያልተነሣ ከሆነ ከወለደች በኋላም ይደርሳል።

ወደ ፊርማው ልመለስ። አካለ መጠን ለደረሰችና አእምሮዋ ጤናማ ለሆነ ሴት የሚፈርምላት ሌላ ሰው የለም። የምትፈርመው እሷ ናት። ባሏ፣ እናቷ፣ አማቷ ይምጡ፣ ይስሙ፣ ይጠይቁ። እኛ አገር ከባድ ነገር ለብቻ አይወሰንም፣ እኔም ይህን ክፉ ነው አልልም። ግን ቤተሰቡ የሚያማክራት እንጂ በእሷ ፈንታ የሚወስን መሆን የለበትም። ለብቻዋ የምታወራበትም ጥቂት ደቂቃ ይኑራት። ባሏ ባለበት ስለ ልጅ ብዛት የምትናገረውና እሱ በሌለበት የምትናገረው ሊለያይ ይችላል። መጻፍ የማትችል ከሆነ ወረቀቱ ይነበብላታል፣ በጣት አሻራዋ ትፈርማለች። ምስክሩ ኦፕሬሽኑ ውስጥ የማይገባ ሰው ይሁን። አማርኛ የማትሰማ ከሆነ አስተርጓሚ ፈልጉ። የአሥር ዓመት ልጇን አታስተርጉሙት።

ከማስፈረማችሁ በፊት "ገባዎት?" ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉም ሰው "አዎ" ይላል። ይልቅ "ቤት ሲገቡ ለባለቤትዎ ምን ብለው ይነግሯቸዋል?" በሉ። የእኛ እናት "በምጥ ብሞክር አብዛኛው ይሆናል፣ ግን ማህፀኔ ሊቀደድ ስለሚችል እዚሁ ከተማ መሰንበት አለብኝ" ካለች ገብቷታል። "ዶክተሩ ያለውን ነው" ካለች ግን እንደገና መጀመር አለባችሁ።

በጥያቄና መልሱ ጊዜ አንዲት አዋላጅ "ጊዜ ከሌለስ?" ብላ ጠየቀች። ተገቢ ጥያቄ ነው። ረጅሙ ወረቀት ለድንገተኛ አይሆንም። ለእሱ በአንድ ደቂቃ የሚነገር አጭር ጽሑፍ በማዋለጃው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ምጡ ፋታ ሲሰጣት፣ ዓይኗን እያያችሁ፣ እንዲህ በሏት፦ "የልጅዎ የልብ ምት እየቀነሰ ነው። ቶሎ ካላወጣነው ሊጎዳ ወይም ሊሞት ይችላል። ሆድዎን ከፍተን እናወጣዋለን። እንዳያምዎት ማደንዘዣ እንሰጣለን። ደም ቢፈስዎት ደም እንተካለን፣ ሕይወትዎን ለማትረፍ የግድ ከሆነም ማህፀንዎ ሊወጣ ይችላል። ይስማማሉ?" እትብቱ ቀድሞ ከወጣ ይህን የምትሉት አልጋውን እየገፋችሁ ነው። የቃል ስምምነቷን ከነሰዓቱ ካርዷ ላይ ጻፉ። ፊርማ ፍለጋ ኮሪደር ለኮሪደር አትሩጡ። በማግስቱ ግን ተመለሱና አጠገቧ ተቀምጣችሁ ምን እንደተደረገና ለምን እንደሆነ ሙሉውን ንገሯት። እሱም የስምምነቱ ሁለተኛ አጋማሽ ነው።

ሌላው ጠያቂ እምቢ ስላለች እናት አነሣ። "መጀመሪያ ጸበል ልጠመቅ" ብላ የሄደች ሴት። ጉዳዩ ቀጠሮ የተያዘለት ከሆነ ጊዜ አለ፣ ትጠመቅ። አትቆጧት። የተቆጣችኋት እናት ሲብስባትም አትመለስም። ወረቀቱ ላይ "እምቢ ማለት ይችላሉ፣ ሐሳብዎን ቢለውጡም እናክምዎታለን" የሚል መስመር ይኑር። ከሥሩ ደግሞ ወዲያው የሚያስመልሱ ምልክቶች ይጻፉ፦ ምጥ፣ የሽርት ውኃ መፍሰስ፣ ደም፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ ያለፈው ጠባሳ ላይ በምጥ መሃልም የማይለቅ ሕመም። የመጨረሻው ጠባሳው መቀደድ ሲጀምር ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ ነው። ልትጠብቀው ግን አይገባም፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚለወጠው የልጁ የልብ ምት ነውና።

የወረቀቱ ጀርባ ከኦፕሬሽኑ በኋላ ይሞላል። ይዛው የምትሄደው እሱን ነው። አራት ነገር ይጻፍበት። ኦፕሬሽኑ ለምን ተሠራ? ማህፀኗ የተቀደደው አግድም ነው ወይስ ቁልቁል? ደም ወስዳለች ወይ? የሚቀጥለውን ልጅ የት መውለድ አለባት? ሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱ ካርዷ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሌላውን እሷ ትያዝ። ስልክ ካላት ደግሞ ከመውጣቷ በፊት ፎቶ አንሡላት።